«በፊት ከሆነ ጥንቃቄ፣ በኋላ ከሆነ ክፍያ» የሚለው መላ የት ላይ ይጥላል?

(አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ለመውጫ ፈተና ለሚዘጋጁ የሕግ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። አንዳንዶቻችሁ በቀበና በኩል እንደመጣችሁ ጫማችሁ ይናገራል። ድልድዩ ላይ ስታልፉ ወንዙን አይታችሁት ከሆነ ጥሩ ነው። ዛሬ ማታ እየተመላለስን እንጠራዋለን።

አንድ ጥፋቴን በመናገር ልጀምር። ከዓመታት በፊት የአካባቢ ሕግ አስተምር ነበር። ለፈተና እንዲህ የሚል የምርጫ ጥያቄ አወጣሁ፦ «ጉዳት ከመድረሱ በፊት ሥራ ላይ የሚውለው መርህ የትኛው ነው?» ሀ ላይ «በካይ ይክፈል» ብዬ ጻፍኩ። ለ ላይ «ቅድመ ጥንቃቄ»። የቀሩት ሁለቱ ለመሙያ ያህል ነበሩ። መልሱ ለ ነው ብዬ አረምኩ፣ ውጤት ለጠፍኩ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሀ ነበር የመለሰችው። «መምህር፣ ፋብሪካው ማጣሪያውን በራሱ ገንዘብ ይትከል ሲባል እኮ ገና ማንም አልተጎዳም። ይሄ በካይ ይክፈል አይደለም?» አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ማታ ገልጬ ሳነብ ልጅቷ ልክ ናት። ጥያቄዬ ሁለት መልስ ነበረው። ማርኳን መለስኩላት። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያች ማታ ጀምሮ የገባኝን ነው።

በተማሪዎች መካከል የሚዞር አንድ መላ አለ። «በፊት ከሆነ ጥንቃቄ፣ በኋላ ከሆነ ክፍያ።» አጭር ናት፣ ትያዛለች፣ ቀላል ጥያቄ ላይ ትሠራለች። ትንሽ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲመጣ ግን ገደል ትከታለች። ምክንያቱም ሁለቱ መርሆች የሚለያዩት በጊዜ አይደለም። የሚለያዩት በሚመልሱት ጥያቄ ነው። ቅድመ ጥንቃቄ የሚመልሰው «ሳይንሱ ገና አልጠራም፤ እርምጃ እንውሰድ ወይስ እስኪጠራ እንጠብቅ?» የሚለውን ነው። በካይ ይክፈል የሚመልሰው ደግሞ «ወጪው ከማን ኪስ ይውጣ?» የሚለውን ነው። አንደኛው ስለ እርግጠኝነት ነው፣ ሁለተኛው ስለ ሒሳብ። ሒሳብ ደግሞ ከጉዳት በፊትም አለ፣ ከጉዳት በኋላም አለ።

ይህን አንድ ጥያቄ ይዘን፣ ቃል በቃል እየቀየርን እንየው። ታሪኩ የእኔ ፈጠራ ነው። ወንዙ ብቻ እውነተኛ ነው።

«በቀበና ወንዝ ዳር የሚገኝ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ድርጅት በአዲስ ኬሚካል ለመጠቀም ፈቃድ ጠየቀ። ኬሚካሉ ከፍሳሹ ጋር ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሁለት ጥናቶች ኬሚካሉ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ሊደርስ እንደሚችል ይጠቁማሉ። ሌላ አንድ ጥናት ይህን የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ኬሚካሉ እንዳይለቀቅ ከለከለ። ውሳኔው በየትኛው መርህ ይደገፋል?» ሀ. በካይ ይክፈል። ለ. መከላከል። ሐ. ቅድመ ጥንቃቄ። መ. ድንበር ተሻጋሪ ጉዳት ያለማድረስ።

ዓሣ ያላስገባሁት ቀበና ውስጥ ዓሣ አለ ብል ስለምትስቁብኝ ነው። አትክልቱ ግን እውነት ነው። የቀበና ውሃ ወደ አቃቂ ይወርዳል። አቃቂ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ እያጠጣ ነው ወደ አባ ሳሙኤል የሚሄደው።

መልሱ ሐ ነው። ግን ለምን? አብዛኛው ሰው «ገና ጉዳት ስላልደረሰ» ይላል። ተሳስቷል፤ መልሱ ልክ ሆኖ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። መልሱን የሚወስኑት ሦስት ቦታዎች ናቸው። «ይጠቁማሉ» የሚለው አንዱ ነው፤ አልተረጋገጠም ማለት ነው። «አላገኘም» የሚለው ሁለተኛው ነው፤ ሳይንቲስቶቹ አልተስማሙም። ሦስተኛው «ለአሥርተ ዓመታት» የሚለው ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ ከባድ ነው፣ ወደኋላም በቀላሉ አይመለስም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ሦስተኛውን ጥናት አውጡት። «ይጠቁማሉ» በሚለው ፋንታ «ኬሚካሉ መርዛማ መሆኑ ተረጋግጧል» ብላችሁ ጻፉ። ሌላው ሁሉ ባለበት ይሁን። ጉዳት አልደረሰም፣ መሥሪያ ቤቱም ከልክሏል። መልሱ ወደ ለ ዞረ። መከላከል የታወቀን አደጋ ማስቀረት ነው። ቅድመ ጥንቃቄ ያልጠራን አደጋ ማስቀረት ነው። ሁለቱም «በፊት» ናቸው። መላዋ እዚህ ጋ የመጀመሪያዋን ጥርስ አጣች።

ሁለተኛውን ቅያሬ እንይ። ይሄ የተማሪዬ ጥያቄ ነው። መርዛማነቱ እንደተረጋገጠ ይቆይ። መሥሪያ ቤቱ ግን ፈጽሞ አልከለከለም። «ማጣሪያ ከተከልክ መሥራት ትችላለህ» አለ። ማጣሪያው 10 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ድርጅቱ «ግማሹን መንግሥት ይቻለኝ፤ እኔ ሥራ ፈጥሬያለሁ» ብሎ አመለከተ። መሥሪያ ቤቱ «አይሆንም፣ ሙሉውን አንተ ትሸፍናለህ» አለው። ጥያቄው «የመሥሪያ ቤቱ መልስ በየትኛው መርህ ይደገፋል?» ነው።

ሀ ነው። በካይ ይክፈል። አንድ ጠብታ ፍሳሽ ወንዝ ሳይነካ፣ አንድ ገበሬ ሳይጎዳ።

ይህ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ መርሁ ሲወለድ ግን መልኩ ይሄው ነበር። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በምህጻሩ ኦኢሲዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለአባል አገሮቹ አንድ ምክረ ሐሳብ አወጣ። በካይ ይክፈል በዓለም አቀፍ ሰነድ መጀመሪያ በግልጽ የተቀመጠው እዚያ ነው። ነገሩ ስለ ካሳ አልነበረም። መንግሥት የሚያዛቸውን ብክለትን የመከላከልና የመቆጣጠር እርምጃዎች ወጪ በካዩ ራሱ ይሸከም የሚል ነበር። ሐሳቡ የኢኮኖሚስቶች ሐሳብ ነው፣ የዳኞች አይደለም። አንድ አገር ለፋብሪካዎቹ ማጣሪያ በነጻ ከተከለ፣ የሌላው አገር ፋብሪካ ግን በራሱ ከከፈለ፣ ንግዱ ተዛባ። ስለዚህ ድጎማውን ተዉት አለ።

እርግጥ ግትር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ተከታይ ምክረ ሐሳብ ለመሸጋገሪያ ጊዜ የሚሆን ውስን እርዳታ ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ኦኢሲዲ መርሁን በአደጋ ለሚደርስ ብክለት ዘረጋው። ስለዚህ «በካይ ይክፈል ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ ማንኛውንም የመንግሥት ድጋፍ ይከለክላል» የሚል ምርጫ ካያችሁ ተጠራጠሩ። «ያለ ምንም» የሚለው ቃል ነው የሚያጋልጠው።

እዚችው ማጣሪያ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሌላ ወጥመድ አለባት። ድርጅቱ አንድ ሜትር ጨርቅ የሚያቀልመው በ80 ብር ነበር እንበል። ማጣሪያው ሲጨመር 86 ብር ሆነበት። ስድስቷን ብር ደንበኛው ላይ ጨመረ። መርካቶ ያለው ነጋዴም መልሶ እኛ ላይ ጨመረ። «ታዲያ የከፈለው በካዩ ነው ወይስ እኔ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የፈተና አውጪውም ይህችን ስሜት ያውቃታል። «መርሁ በካዩ ወጪውን ወደ ገዢ እንዳያስተላልፍ ይከለክላል» የሚል ምርጫ ያስቀምጥላችኋል።

ሐሰት ነው። እንዲያውም የ1972ቱ ሰነድ ወጪው በዕቃውና በአገልግሎቱ ዋጋ ውስጥ ይታይ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1992 አገሮች ስለ አካባቢና ልማት ያወጡት የሪዮ መግለጫ 16ኛ መርህም ወጪውን ወደ ውስጥ ስለማስገባት ያወራል። በፊት ስድስቷን ብር የሚከፍላት ማን ነበር? ጨርቁን አይቶት የማያውቅ አቃቂ ያለ ጎመን አምራች። በመሬቱ ይከፍላል፣ በጤናው ይከፍላል። አሁን ጨርቁን የፈለገ ሰው ከፈላት። መርሁ የሚለው «መጀመሪያ ሒሳቡ በካዩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ» ነው። ከዚያ ገበያው ያውቃል። ዋጋው የተወደደበት ደንበኛ ኬሚካሉን ወደማይጠቀመው አቅላሚ ሊሄድ ይችላል። የተፈለገውም ይሄ ነው።

ሦስተኛው ቅያሬ የለመዳችሁት ነው። ድርጅቱ ማጣሪያውን ማታ ማታ እያጠፋ ፍሳሹን ለቀቀ። ታች ያሉ አትክልት አምራቾች ሰብላቸው ከሰረ፣ አፈሩም ተበከለ። አፈሩን ለማጽዳት 3 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል እንበል። ፍርድ ቤት ድርጅቱን 20 ሺህ ብር ቀጣው። ጥያቄው «በካይ ይክፈል የሚለው መርህ ተሟልቷል?» ይላል።

እጅ ስታወጡ አየሁ፣ ግማሻችሁ አዎ አላችሁ። አይደለም። ቅጣት ለጥፋቱ ነው። መጠኑም ከጉዳቱ ጋር አይያያዝም። 20 ሺህ ብር ተከፍሎ 3 ሚሊዮኑ በጎመን አምራቹ ወይም በከተማው ግምጃ ቤት ላይ ከቀረ፣ የብክለቱን ወጪ የከፈለው በካዩ አይደለም። የእኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጠው። አንቀጽ 3 ላይ ብክለት ያደረሰ ሰው የተበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል። ቅጣቱ ወደ ኋላ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ነው። እዚያው አንቀጽ 3 ላይ ሌላም አለ። ሊበክል የሚችል ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲታዘዝ ብክለቱን የሚያስቀር ወይም የሚቀንስ ቴክኖሎጂ መትከል አለበት። አያችሁ፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ «በፊት»ም «በኋላ»ም አለ። በእኛ አቆጣጠር የ1989ኙ የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲም እንዲሁ ነው። በካይ ይክፈልን ሲቀበል፣ በካይ ድርጅቶች፣ ማዘጋጃ ቤቶችና የወረዳ ምክር ቤቶች የየራሳቸውን የብክለት መቆጣጠሪያ ያዘጋጁ ይላል። ቅድመ ጥንቃቄንም በዚያው ዓረፍተ ነገር ጠርቶታል። ፈተና ላይ «ሁለቱን መርሆች በስም የሚጠራው የኢትዮጵያ ሰነድ» ብትባሉ ፖሊሲውን አስታውሱ።

ማዘጋጃ ቤት የሚለውን ደግሞ አትለፉት። ቀበናን በእውነቱ የሚበክለው አንድ ማቅለሚያ ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ዳር ዳሩን ያለው ቤት ሁሉ የመጸዳጃ ቱቦውን ወደ ወንዙ ሲያዞር በካዩ ማን ነው? እያንዳንዱ ቤት? ወይስ ፍሳሽ መስመር ያልዘረጋው አካል? መርሁ እዚህ ይደናቀፋል። የሚከፍለው ሰው ተለይቶ ሲታወቅ ነው የሚሠራው። በካዩ ከስሮ የተዘጋ ድርጅት ሲሆንም ያው ነው። የፈተና ጥያቄ ስለ መርሁ «ውስንነት» ከጠየቃችሁ መልሱ እዚህ አካባቢ ይገኛል።

አንድ የሚያናድደኝ ምርጫ አለ፤ በየዓመቱ ይመጣል። «በካይ ይክፈል ማለት የሚከፍል ሰው መበከል ይችላል ማለት ነው።» ይሄንን የሚመርጥ ተማሪ ብዙ ነው፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። አዋጁ ግን የሚጀምረው ማንም ሰው ደረጃውን ጥሶ አካባቢን እንዳይበክል በመከልከል ነው። መክፈል ከክልከላው ቀጥሎ የሚመጣ ግዴታ ነው፤ የመበከያ ቲኬት አይደለም።

አሁን ወደ ቅድመ ጥንቃቄ እንሂድ። እዚህ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር ነው፤ የሪዮን 15ኛ መርህ ቃሎቹን እየቆጠሩ ማንበብ። የ1992ቱ ሰነድ በእኔ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት ስጋት ባለበት፣ የተሟላ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት አለመኖሩ፣ የአካባቢ መጎዳትን ለማስቀረት ወጪ ቆጣቢ እርምጃዎችን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። አለመኖሩ፣ ማዘግየት፣ አይሆንም። ሦስት አሉታ ተደራርበዋል። በጥድፊያ ያነበበ ሰው ተገልብጦ ይወድቃል።

ከእያንዳንዷ ቃል አንድ የተሳሳተ ምርጫ ይሠራል። «ከባድ ወይም የማይመለስ» የምትለውን አውጥተው «ማንኛውም ስጋት» ያደርጉታል። ልክ አይደለም፤ ለመብራት ፖል ጥላ ቅድመ ጥንቃቄ አይጠራም። «የተሟላ እርግጠኝነት» የሚለውን «ምንም ማስረጃ ሳይኖር» ያደርጉታል። ይሄም ልክ አይደለም። የእኛ ማቅለሚያ ቤት ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥናቶች ነበሩ። ወሬ አልነበረም። ጥናቶቹን አውጥታችሁ «የሰፈሩ ሰው ኬሚካሉን ስለማይወደው» ብትሉ መርሁ አይደግፋችሁም። «ወጪ ቆጣቢ እርምጃ» የሚለውን ደግሞ «መከልከል አለበት» ያደርጉታል። መርሁ የግድ ክልከላ አያዝም። በመጠን መገደብም እርምጃ ነው፣ ክትትልም እርምጃ ነው፣ ለጊዜው ማቆየትም እርምጃ ነው። ሰነዱ አገሮች ይህን የሚያደርጉት «እንደ አቅማቸው» ነው ማለቱንም አትርሱ።

በአገራችን ሕግ ውስጥ ስሙን ሳይጠራ የተቀመጠ የጥንቃቄ ሐሳብ አለ፤ እኔ እጅግ እወደዋለሁ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። አንድ ፕሮጀክት ጥቅምም ጉዳትም ኖሮት፣ ተመዝኖ ጥቅሙ የሚበልጠው በጥቂቱ ወይም በሚያከራክር መልኩ ብቻ ከሆነ፣ ተጽዕኖው እንደ ጎጂ ይቆጠር ይላል። ሚዛኑ ሲያጠራጥር ወደ ጥንቃቄው አዘነበለ ማለት ነው። «ቅድመ ጥንቃቄ» የሚል ቃል የለበትም። ፈተና አውጪ ግን ሐሳቡን ጠይቆ ስሙን ከእናንተ ሊፈልግ ይችላል።

አሁን ብዙ ነጥብ የሚጣልበት ቦታ ደረስን። የማስረዳት ሸክም። «በቅድመ ጥንቃቄ መርህ መሠረት የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው?» ስትባሉ ሁላችሁም «ሥራውን ሊሠራ ባሰበው ላይ» ትላላችሁ። አንዳንዴ ልክ ናችሁ። አንዳንዴ አይደላችሁም። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ማየት አለባችሁ።

የሪዮ 15ኛ መርህ ስለ ማስረዳት ሸክም አንዲት ቃል አይልም። ደግማችሁ አንብቡት፣ የለም። ሸክሙ በባለ ሥራው ላይ ነው ያለው የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የቬሎር ዜጎች ደህንነት መድረክ የሚባል ማኅበር በታሚል ናዱ ግዛት ባሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ላይ አቅርቦት በነበረው አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ1996 ፍርድ ሰጠ። ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን ፓላር ወደሚባል ወንዝና ወደ እርሻ መሬት ይለቁ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም መርሆች የአገሩ ሕግ አካል ናቸው አለ። ቅድመ ጥንቃቄን ሲያብራራም ሥራው አካባቢን እንደማይጎዳ የማሳየት ሸክም በባለ ሥራው ላይ ነው አለ። በካይ ይክፈልንም በተግባር አሳየ። በእያንዳንዱ ፋብሪካ ላይ የ10 ሺህ ሩፒ ቅጣት ጣለ። ግን በዚያ አልቆመም። አንድ ባለሥልጣን አካል ተቋቁሞ ካሳውን በሁለት ርዕስ እንዲያሰላ አዘዘ፤ አንዱ ለተጎዱ ሰዎች የሚከፈል፣ ሌላው የተጎዳውን ተፈጥሮ ለመመለስ። ቅጣቱና ወጪው ለየብቻ። ቅድም የ20 ሺህ ብሯ ጥያቄ ላይ አዎ ያላችሁ ይህን አስታውሱ።

በሌላ ወገን የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአርጀንቲናና በኡራጓይ መካከል በኡራጓይ ወንዝ ዳር ስለተሠራ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሲወስን፣ አርጀንቲና «ቅድመ ጥንቃቄ ሸክሙን ወደ ኡራጓይ ያዞራል» ብላ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጥንቃቄ አቀራረብ ሁለቱ አገሮች ስለ ወንዙ ያላቸውን ስምምነት ለመተርጎም ሊጠቅም ይችላል አለ፤ ይህ ማለት ግን የማስረዳት ሸክም ይገለበጣል ማለት አይደለም አለ። ስለዚህ «በቬሎር ጉዳይ» የሚል ጥያቄና «በወረቀት ፋብሪካው ጉዳይ» የሚል ጥያቄ ተቃራኒ መልስ አላቸው። ምንም ሳይጠቀስ «በሪዮ መግለጫ መሠረት» ከተባለ ደግሞ «ሸክሙን አይወስንም» የሚለውን ምርጫ ፈልጉ።

የሕንድን ጉዳይ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ቴሌግራም ላይ የምትቀባበሉት የአካባቢ ሕግ ጥያቄ ፒዲኤፍ አብዛኛው የሕንድ ነው። መርሆቹን ለመለማመድ ጥሩ ነው። ግን «አንቀጽ 48ሀ» ምናምን የሚል ካያችሁ የሕንድ ሕገ መንግሥት ነው፤ እለፉት። የእኛው አንቀጽ 44 እና 92 ነው። የትሬይል ማቅለጫ ጉዳይንም በካይ ይክፈል እያሉ የሚያስቀምጡ አሉ። እሱ አንድ አገር በግዛቱ ካለ ማቅለጫ ለወጣ ጭስ ለጎረቤቱ ተጠያቂ ስለመሆኑ ነው። የተጠየቀችው ካናዳ እንጂ ማቅለጫው አይደለም። ምርጫ መ ላይ ያስቀመጥኩት ድንበር ተሻጋሪ ጉዳት የሚባለው ይሄ ነው።

ጥያቄ ስትጠይቁ ከመጀመሪያው ረድፍ የተነሳው ወንድሜ ያነሳት ነገር የዛሬዋ ምርጥ ጥያቄ ነበረች። «መምህር፣ ማቅለሚያ ቤቱ የተቀመጠውን ደረጃ አክብሮ ቢለቅና ጎመኑ ቢጠፋስ? ያጸዳል?»

መርሁን ብቻ ካየን፣ ወጪውን ያመጣው እሱ ነው፤ መክፈል ነበረበት እንላለን። አዋጅ 300ን ከገለጥን ግን ትርጓሜ ክፍሉ ላይ እንደናቀፋለን። «ብክለት» የሚለው ቃል እዚያ ሲተረጎም፣ አደገኛ ለውጡ በአዋጁ ወይም በሌላ አግባብ ባለው ሕግ የተቀመጠን ገደብ በመጣስ የመጣ መሆን አለበት። ደረጃውን ያከበረ ሰው በዚህ ትርጉም አልበከለም። ያልበከለን ሰው «የበከልከውን አጽዳ» ብሎ በአንቀጽ 3 መያዝ ይከብዳል። መሥሪያ ቤቱ ሥራው ለሰው ጤና አደጋ ነው ብሎ እስከ ማዘጋት ወይም ከቦታው እስከ ማንሳት የሚደርስ እርምጃ ሊወስድ ይችላል፤ ያ ግን ለአፈሩ ማጽጃ ብር አያመጣም።

ጎመን አምራቹ ግን ባዶ እጁን አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 አለለት። መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ወይም ልዩ አደጋ ያለው የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ያ አደጋ ሲደርስ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ደረጃ አክብሬያለሁ ማለት እዚያ አያድንም። አምራቹ ማሳየት ያለበት ኬሚካሉ መርዛማ መሆኑንና ጎመኑን ያጠፋው እሱ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ይህች ጥያቄ በፈተና ከመጣች፣ «በአዋጅ 300/1995 መሠረት ያጸዳል?» ብላ ከሆነ አዋጁ አያስገድደውም የሚለውን ምረጡ። «ካሳ ሊጠየቅ ይችላል?» ብላ ከሆነ አዎ፣ በ2069። ልጁ «ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ቢኖሩስ?» አለኝ። ያኔ ጥያቄውን ያወጣው ሰው እንደ እኔ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ወረቀትህን ይዘህ ሂድና ንገረው።